ከነጥብ ዝርዝር ወደ አንድ አንቀጽ፦ የግንባታ ሳምንታዊ ሪፖርት ችግርና መፍትሄ

በሕንፃ ግንባታ ላይ የቢሮ መሐንዲስ ሆኖ የሠራ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ከፎርማኖች፣ ከንብረት ክፍልና ከቀያሹ የተሰበሰቡ ሃያ ያህል ነጥቦች ጠረጴዛው ላይ ይከመራሉ፤ አማካሪው መሐንዲስና አሠሪው ግን ሰኞ ጠዋት ማንበብ የሚፈልጉት የሳምንቱን ሥራ የሚተርክ አንድ አንቀጽ ነው። የፊደል ግድፈት ማረምና ድምር ማመሳከር የታወቀ ስለሆነ አልፈዋለሁ፤ የምጽፈው ደጋግሜ ስላስተካከልኋቸው ብልሽቶች ነው።

ምልክት፦ አንቀጹ ይነበባል፤ አሠሪው ግን «ታዲያ ሥራው ለምን ዘገየ?» ብሎ ይደውላል

ከአሥር ሪፖርት ስምንቱ ላይ የማየው ይህን ነው። ለመለየት ቀላል ነው፤ በአንቀጹ ውስጥ «እንዲሁም»፣ «በተጨማሪም» እና «በሌላ በኩል» የሚሉት ቃላት ስንት ጊዜ እንደገቡ መቁጠር ይበቃል። ከሁለት ካለፉ አንቀጹ የነጥብ ምልክቶቹ ብቻ የተነሡለት ያው ዝርዝር ነው።

ምክንያቱ የአጻጻፍ ድክመት አይደለም። ፎርማኑ ነጥቡን በስልኩ ሲጽፍ ሁለት ነገሮችን ይጥላል፤ ሥራው የተሠራበትን ቀንና ከሌላው ሥራ ጋር ያለውን ግንኙነት። ሁለቱ ከሌሉ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ ቢሮ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም፤ ማያያዣ ቃል መጨመርም የጠፋውን አይመልስም። የዚህ ዓይነት ዝርዝር በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሥራ ላይ እንዲህ ሆኖ ደርሶኝ ነበር፦

• የ3ኛ ወለል ስላብ ፎርምወርክ ተጠናቋል
• ዝናብ ነበር
• ባለ 12 ብረት ገብቷል
• የስላብ ብረት ሥራ 85 በመቶ
• ፌራዮ ተጨምሯል (6)
• የኤሌክትሪክ ቱቦ ዝርጋታ ተጀምሯል
• የኮንክሪት ፓምፑ ቀን ተለውጧል
• የ1ኛ ወለል ብሎኬት በሂደት ላይ
• የ2ኛ ወለል ኮለን የ7 ቀን ናሙና ውጤት መጥቷል

የመጀመሪያው ረቂቅ፣ ያዘጋጀው ጀማሪ መሐንዲስ ሆኖ፣ ዝናብንና የስላቡን መዘግየት ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር። ማንም አንባቢ ሥራውን ያዘገየው ዝናቡ ነው ብሎ ይረዳዋል። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ከባድ ዝናብ ተቋራጩን የጊዜ ማራዘሚያ ሊያስጠይቀው ይችላል፣ ራሱ ያዘዘው ብረት መዘግየት ግን የራሱ ኃላፊነት ነው።

መፍትሄው ከመጻፍ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ ፊት ቀኑን ከዕለት መዝገቡ ወስጄ እጽፋለሁ፤ መዝገቡ ዝም ካለ ለፎርማኑ እደውላለሁ። የምጠይቀውም ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «መቼ ተጀመረ? ምን ስትጠብቁ ቆያችሁ?» በዚያ ቅዳሜ የተገኘው መልስ ነገሩን ገለበጠው። ዝናቡ ማክሰኞ ከሰዓት ጥሎ ፎርምወርኩን ግማሽ ቀን አዘግይቷል፤ ሆኖም ፎርምወርኩ ረቡዕ ረፋድ ላይ አልቋል። ሰኞ ሊገባ የነበረው ብረት የገባው ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት ነው። ስለዚህ ዝናቡ ባይጥልም ፌራዮዎቹ ያው ብረት እየጠበቁ ነበር።

ቀኖቹ ከተሞሉ በኋላ አንቀጹ የሚጀምረው ከሰኞ አይደለም፤ በዕቅዱና በሆነው መካከል ካለው ልዩነት ነው። ከዚያ ምክንያቱ፣ ቀጥሎ የተወሰደው እርምጃ፣ በመጨረሻ የሚቀጥለው ሳምንት ይከተላል። ከዚህ መሥመር ጋር የማይገናኙት የብሎኬት ሥራውና የናሙናው ውጤት ወደ ሠንጠረዡ ይሄዳሉ፤ በግድ አንቀጽ ውስጥ ማስገባት «እንዲሁም»ን መልሶ መጥራት ነው። የተስተካከለው ይህን ይመስል ነበር፦

«ለዓርብ ታቅዶ የነበረው የ3ኛ ወለል ስላብ ኮንክሪት ሙሌት በዚህ ሳምንት አልተከናወነም፤ ወደሚቀጥለው ረቡዕ ተላልፏል። ምክንያቱ ሰኞ ሊገባ የነበረው ባለ 12 ብረት ረቡዕ ከሰዓት መድረሱ ነው። ማክሰኞ የጣለው ዝናብ ፎርምወርኩን በግማሽ ቀን ቢያዘገየውም፣ ሥራው ብረቱ ከመድረሱ በፊት ስለተጠናቀቀ በሙሌቱ ቀን ላይ ለውጥ አላመጣም። ተቋራጩ የባከነውን ጊዜ ለማካካስ ሐሙስ 6 ፌራዮዎችን የጨመረ ሲሆን፣ የብረት ሥራው እስከ ቅዳሜ 85 በመቶ ደርሷል፤ የታችኛው ብረት ባለቀበት በኩልም የኤሌክትሪክ ቱቦ ዝርጋታ ዓርብ ተጀምሯል። ቀሪው ሥራ ሰኞ ተጠናቆ ማክሰኞ ለአማካሪው ፍተሻ ይቀርባል፤ የኮንክሪት ፓምፑም ብረቱ ሲጸድቅ ረቡዕ እንዲመጣ ተደርጓል።»

ምልክት፦ አንቀጹ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሆኗል፤ ያልሆነ ቅደም ተከተልም ይነግራል

«እንዲሁም»ን የሸሸ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ነው። ነጥቦቹን በቦዝ አንቀጽ ይቀጥላቸዋል፦ ተሞልቶ፣ ተፈትሾ፣ ገብቶ፣ ተጀምሮ። ቦዝ አንቀጽ ግን በአማርኛ ባዶ ማያያዣ አይደለም፤ አንባቢው የፊተኛው ድርጊት ካለቀ በኋላ የኋለኛው እንደመጣ አድርጎ ያነበዋል። አንድ ጊዜ ከእኛ ቢሮ «የመሠረቱ ኮንክሪት ተሞልቶ፣ ብረቱ በአማካሪው ተፈትሾ፣ የአፈር ሙሌት ተጀምሯል» የሚል ሪፖርት ወጣ። በዝርዝሩ ላይ የነበሩት ሦስት ነጥቦች እውነት ነበሩ፤ ፍተሻውም የተደረገው የኮንክሪት ሙሌቱ ከመጀመሩ ከሁለት ቀን በፊት ነበር። አንቀጹ ግን ብረቱ ሳይፈተሽ ኮንክሪት እንደተሞላ ተናገረ። ከአሠሪው የማብራሪያ ደብዳቤ መጣ፤ የተፈረመበት የፍተሻ ቅጽ ከፋይል ተፈልጎ እስኪላክ ድረስ የዚያ ወር የክፍያ ሰነድ ሳይታይ ተቀመጠ።

መፍትሄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሁለት በላይ ቦዝ አንቀጽ አለመፍቀድ ነው። በተለይ ባለቤታቸው የተለያየ ድርጊቶችን በዚህ መንገድ አትቀጥሉ፤ አማካሪው ያደረገውና ተቋራጩ ያደረገው የየራሳቸው ማሰሪያ አንቀጽ ይኑራቸው። ቅደም ተከተሉ ዋጋ ካለው «ከ… በፊት» ወይም «ካጸደቀ በኋላ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። ፍተሻን፣ ማጽደቅንና ርክክብን የሚመለከት ቃል ያለ ቀን ፈጽሞ አይውጣ። ይህን ማስጠንቀቂያ ለእያንዳንዱ አዲስ ባልደረባ እደግመዋለሁ፤ እየሰሙት የሚያልፉትም ብዙ ናቸው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

በመቶኛ የተጻፈው የሳምንቱ ይሁን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ያለው ጠቅላላ ካልታወቀ፣ ያለፈውን ሪፖርት አውጥቶ ማነጻጸር ይለየዋል።

ከውጭ አገር አቅራቢ የመጣ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል ወደ አንድ አቆጣጠር ሳይመለስ አይግባ።

«በሂደት ላይ» የሚለው ነጥብ ቃል በቃል ለሦስተኛ ሳምንት ከመጣ ፎርማኑ ያለፈውን ዝርዝር ቀድቶ ልኳል ማለት ነው፤ ሄዳችሁ ሥራውን በዓይናችሁ እዩት፣ እንዲህ ያለውን ግዴለሽነትም በዝምታ አትለፉት።

ሪፖርቱ እስከሚወጣበት ሰዓት ድረስ የመዘግየቱ ምክንያት ካልተረጋገጠ ደግሞ በ«ስለ» አታያይዙት፤ የሆነውን ብቻ ጽፋችሁ ምክንያቱ እየተጣራ መሆኑንና በየትኛው ቀን እንደሚገለጽ አክሉ።