የአሜሪካ የውል ሕግ ለጀመራችሁ፦ «በምላሹ ምን ተጠየቀ?»

ኮንሲደሬሽን፣ ማለትም ቃልን በሕግ አስገዳጅ የሚያደርገው በምላሹ የተጠየቀ ነገር፣ ካደናገራችሁ ይህን ጠይቁ፤ ቃል የገባው ሰው በምላሹ ምን ፈለገ?

በ1898 ኔብራስካ ውስጥ የተወሰነውን የሪኬትስና የስኮቶርን ጉዳይ እዩ። አያት ለልጅ ልጃቸው 2,000 ዶላር ሊከፍሉ ፈርመው ሰጧት። ከእንግዲህ መሥራት የለብሽም አሏት፤ እሷም ሥራዋን ለቀቀች። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ «መልቀቋ ኮንሲደሬሽን ነው» ይላል። አይደለም! አያትየው ልቀቂ ብለው አልጠየቁም፤ ብትሠራም ገንዘቡ የሷ ነበር። ስለዚህ ስጦታ ነው።

ግን ገንዘቡን ለማግኘት ከሳ አሸነፈች። ቃላቸውን አምና ደመወዟን ትታለች፤ ይህ እንደሚሆን ደግሞ አያትየው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከሞቱ በኋላ የውርሱ አስፈጻሚ «ኮንሲደሬሽን የለም» ብሎ እንዳይከራከር ፍርድ ቤቱ ከለከለው። ይህ የኮንሲደሬሽን ምትክ ዛሬ ፕሮሚሰሪ ኢስቶፕል ይባላል። ፈተና ላይ ኮንሲደሬሽን አለመኖሩን ሳታሳዩ ወደሱ አትዝለሉ።