ሃድ የሚገባው ቀድሞ ለተፈጸመው ነው

በእንግሊዝኛ ሁለት ያለፉ ድርጊቶችን ስታያይዙ፣ ፓስት ፐርፌክት፣ ማለትም ሃድ ከግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ጋር፣ የሚሰጠው ለቀደመው ድርጊት ነው። ኋላ የመጣው ሲምፕል ፓስት ሆኖ ይቀራል።

«ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ባስ ሃድ ሌፍት» ካላችሁ አውቶቡሱ ሳትደርሱ ሄዷል። «ዘ ባስ ሌፍት» ካላችሁ ግን የተነሣው እናንተ ስትደርሱ ነው፤ ምናልባትም ተሳፍራችሁበታል! ዌን ብቻውን የትኛው እንደቀደመ ስለማይናገር እዚህ ላይ ሃድን መጣል ትርጉሙን ይቀይራል። ቢፎርና አፍተር ግን ቅደም ተከተሉን ራሳቸው ስለሚናገሩ ያለ ሃድም ያስኬዳሉ።

ፈተና ላይ በብዛት የሚገለበጠው ባይ ዘ ታይም ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግሥ ሲምፕል ፓስት ነው፤ ሃድ የሚወስደው ሌላኛው ነው፦ «ባይ ዘ ታይም ሺ ኮልድ፣ አይ ሃድ ኢትን»።

ፎር ከጊዜ ርዝመት ጋር ወይም ሲንስ ከመነሻ ጊዜ ጋር መጥቶ ድርጊቱ እስከ ሁለተኛው ከዘለቀ፣ ሃድ ቢን ከአይኤንጂ ጋር ተጠቀሙ፦ «ዊ ሃድ ቢን ዌይቲንግ ፎር ቱ አወርስ ዌን ዘ ባስ ኬም»። «ወር ዌይቲንግ ፎር ቱ አወርስ» የሚለው የተለመደ ስህተት ነው። ኖው ግን አይኤንጂ ስለማይወድ «ሃድ ኖውን» ይባላል።