ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ዳቦውንም መዝኑ
የኮሜርስ ተማሪዎችን የዋጋ ለውጥ ፕሮጀክት የምታሠሩ መምህራን፣ ዳቦ አስመዝኑ። በየቅዳሜው፣ ከአንድ ሱቅ፣ ያንኑ ዓይነት ዳቦ። ዋጋው 10 ብር እንዳለ ሆኖ ዳቦው ከ100 ግራም ወደ 80 ቢወርድ፣ 100 ግራሙ 12 ብር ከ50 ገባ ማለት ነው። ብዙ ተማሪ «20 በመቶ ጨመረ» ይላል። 20 በመቶ የቀነሰው ክብደቱ ነው፤ የ100 ግራሙ ዋጋ የጨመረው 25 በመቶ ነው። እዚች ላይ ቆም በሉ።

ከዚያ ወደ ቤት ባጀት ውሰዱት። በቀን 800 ግራም ዳቦ የሚበላ ቤት፣ የ30 ቀን ወጪው ከ2,400 ወደ 3,000 ብር ይወጣል።

በቴሌብር ከተከፈለ ቀኑና ብሩ መልእክቱ ላይ አለ። የዳቦው ብዛት ግን የለም፤ እሱን ወዲያው ደብተር ላይ ይጻፉ። መልእክቱን ፎቶ አንስተው እንዳያመጡ፤ የቤተሰቡ ቀሪ ሂሳብ አብሮ ይታያል።