ሪፕሉ የገባው በኦፕ-አምፑ ሳይሆን በባያሱ ነበር
በነጠላ 12 ቮልት የሚሠራው፣ ሲግናሉን ገልብጦ 10 እጥፍ የሚያጎላው ማጉያዬ መግቢያው ከግራውንድ ጋር ቢገናኝም 110 ሚሊቮልት የሚሆን የ100 ኸርዝ ሪፕል ያወጣ ነበር። በኃይል መስመሩ ላይ ያለው ሪፕል ግን 20 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከኦፕ-አምፑ ኃይል እግር አጠገብ 100 ናኖፋራድ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። ፒኤስአርአሩ፣ ማለትም የኃይል መስመር ሪፕልን የማፈን አቅሙ፣ 100 ዴሲቤል በሆነ ኦፕ-አምፕ ተካሁት፤ ያው ነው። ይህ ቁጥር ሪፕሉን በመግቢያው ላይ 0.2 ማይክሮቮልት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የቺፑ ሊሆን አይችልም።

በመጨረሻ ኦሲሎስኮፑን ፖዘቲቭ መግቢያው ላይ አደረግኩ፤ 10 ሚሊቮልት፣ የሪፕሉ ልክ ግማሽ! 6 ቮልት ባያስ የሚሰጡት ሁለቱ የ10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ሪፕሉንም አካፍለው ያስገቡታል፤ ሰርኪዩቱ ደግሞ በዚያ መግቢያ የገባውን 11 እጥፍ ያጎላል። ከሬዚስተሮቹ መገናኛ ወደ ግራውንድ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ስጨምር የመውጫው ሪፕል ከግማሽ ሚሊቮልት በታች ወረደ። ሲበራ ባያሱ እስኪረጋ ሁለት ሰከንድ ያህል ይወስዳል።