ለOCN⁻ ትክክለኛውን መዋቅር መምረጥ፦ የተፈታበት መንገድ

የሳያኔት አዮን ሦስቱም የሬዞናንስ መዋቅሮች ኦክቴት ያሟላሉ፤ ስለዚህ በኦክቴት ብቻ መምረጥ አይቻልም። የሚለያቸው ፎርማል ቻርጅ ነው።

መጀመሪያ የቫለንስ ኤሌክትሮኖችን ደምሩ፦ ከኦክስጅን 6፣ ከካርቦን 4፣ ከናይትሮጅን 5፣ ከአዮኑ ቻርጅ 1፤ በጠቅላላ 16። ብዙ ጊዜ የምትረሳው ይህች የመጨረሻዋ 1 ናት። ከዚያ ከእያንዳንዱ አቶም ቫለንስ ላይ ያልተጋሩትን ኤሌክትሮኖችና የቦንዶቹን ብዛት ቀንሱ፤ የሚቀረው የአቶሙ ፎርማል ቻርጅ ነው።

በO≡C–N ኦክስጅን 6−2−3=+1፣ ናይትሮጅን 5−6−1=−2 ይሆናሉ፤ ቻርጆቹ ከሌሎቹ መዋቅሮች ስለሚበዙ ይህ ወዲያው ይወድቃል። O=C=N አሉታዊውን ቻርጅ ናይትሮጅን ላይ፣ O–C≡N ኦክስጅን ላይ ያሳርፋል። ኦክስጅን ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይሉ ስለሚበልጥ የተሻለው O–C≡N ነው። O=C=N ግን አይጣልም፤ እውነተኛው አዮን በዋናነት የሁለቱ ቅይጥ ነው።

የአንዱ መዋቅር ፎርማል ቻርጆች ድምር −1 ካልሆነ ቆጠራውን ከ16ቱ ጀምራችሁ ፈትሹ።