ዶክትሬት ላሰበ ሰው የትኛው ማስተርስ ይሻላል?

«ማስተርስ ያው ማስተርስ ነው፤ ቶሎ የሚያልቀውን ያዝ» የሚለው ምክር ለአዲስ መጪዎች ሲሰጥ በሰማሁ ቁጥር እበሳጫለሁ። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰዎች ይህንኑ ስለጠየቁኝ፣ አንድ ጊዜ በዝርዝር ጽፌ ማስቀመጥን መረጥኩ።

በኮርስ የሚጠናቀቀው ማስተርስ ተማሪው ክፍል ገብቶና ተፈትኖ የሚጨርሰው ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ አጭር ፕሮጀክት ሊኖረው ወይም ጭራሹን ላይኖረው ይችላል። በምርምር የሚጠናቀቀው ግን ኮርሱ ጥቂት ሆኖ፣ አብዛኛው ጊዜ በአንድ አማካሪ ሥር አንድን ጥያቄ በማጥናትና ቲሲስ በመጻፍ ያልፋል። በአውስትራሊያ ለምሳሌ አንድ ማስተርስ የምርምር ማስተርስ ለመባል ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ለምርምርና ለምርምር ሥልጠና መዋል አለበት። ብዙ ጊዜ የዲግሪው ስም ልዩነቱን አይነግርም፤ የሚነግረው ለጥናታዊ ጽሑፉ የተመደበው የክሬዲት መጠን ነው።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር። በአንድ ዓመት ተኩል ስለሚያልቅና አማካሪ መፈለግ ስለማይጠይቅ በኮርስ የሚጠናቀቀውን መረጥኩ። ከመመዝገቤ በፊት የመግቢያ ቢሮውን ጠይቄ «ሁለቱም እኩል ደረጃ ናቸው» የሚል መልስ አገኘሁ። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የጠየቅሁት ስለ ደረጃው ሳይሆን ወደ ዶክትሬት ያስገባኝ እንደሆነ ነበር፣ ቢሮውም ጥያቄዬን በደንብ ሳያነብ መለሰልኝ። የመጨረሻውን ፕሮጀክት ለአራት ሆነን በአንድ ሴሚስተር ሠራነው። ለዶክትሬት ሳመለክት ቅጹ የቲሲሴን ርዕስ፣ ስንት ገጽ እንደሆነና ምርምሬን ያማከሩ የሁለት ሰዎችን ስም ጠየቀኝ። የምጽፈው አልነበረኝም። ጥሩ ውጤት የሰጡኝ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉልኝም፣ ሊሉ የቻሉት «በክፍሌ ከፍተኛ ውጤት አምጥቷል» ብቻ ነበር፤ ጥያቄ መቅረጽ፣ መረጃ መሰብሰብና ሲበላሽ ማስተካከል እንደምችል አላዩምና ሊመሰክሩልኝ አይችሉም። ማመልከቻዬ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በር የተከፈተልኝ በአንድ የምርምር ቡድን ውስጥ ረዳት ሆኜ አንድ ዓመት ከሠራሁና የቡድኑ መሪ ስለ ሥራዬ ከጻፉልኝ በኋላ ነው።

ቲሲስ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ለዶክትሬት ማመልከቻ በጊዜው ይደርሳል ማለትም አይደለም። የብሪታንያን የአንድ ዓመት ማስተርስ እንውሰድ። በተለመደው አሠራር ጠቅላላው 180 ክሬዲት ሲሆን ከዚህ 60ው ለጥናታዊ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ክሬዲት 10 ሰዓት ሥራ ተብሎ ስለሚሰላ 600 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው፤ ይህ ጥቂት አይደለም። ችግሩ ትምህርቱ በመስከረም ወር ሲጀመር ብዙ የዶክትሬት የገንዘብ ድጋፎች ማመልከቻ የሚዘጋው በታኅሣሥና በጥር አካባቢ መሆኑ ነው፤ ጥናታዊ ጽሑፉ ግን በዋናነት የሚሠራው ከዚያ በኋላ፣ የእነሱ በጋ በሆኑት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ በዚያው ዓመት የሚያመለክት ተማሪ በእጁ ያለው የአንድ መንፈቅ ኮርስ ብቻ ነው፤ አማካሪውም ገና አላወቀውም። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚመርጥ ሰው ከምረቃ በኋላ አንድ ዓመት ቆይቶ ለማመልከት ቢያቅድ፣ ወይም ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አማካሪ ፈልጎ ሥራውን ቀደም ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል።

ዶክትሬት በቁርጥ ለሚያስብ ሰው እንግዲህ ምርጫዬ በምርምር የሚጠናቀቀው ነው። በካናዳ እንደሚታየውም፣ በብዙ የትምህርት ክፍሎች የቲሲስ ተማሪ ከአማካሪው ወይም ከማስተማር ሥራ ክፍያ ሲያገኝ የኮርስ ተማሪ ግን ከኪሱ ይከፍላል። ሆኖም የምርምሩ መንገድ በአማካሪው ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የማይገናኝዎት ወይም ጽሑፍዎን ለወራት አስቀምጦ የሚይዝ አማካሪ ከገጠመዎት ሁለት ዓመት የተባለው ሦስት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የዚያኑ ሰው ተማሪዎች አግኝቶ በስንት ጊዜ እንደጨረሱ መጠየቅ ግድ ነው። ይህን ሳያጣሩ ፈርመው በኋላ የሚያማርሩትን ለመረዳት እቸገራለሁ።

የኮርሱ መንገድ የሚሻለው የትምህርት መስኩን ለቀየረ፣ ወይም ለምርምሩ የሚያስፈልገው የሒሳብና የስታትስቲክስ መሠረት ለጎደለው ሰው ነው። አሜሪካን የሚያስብ ደግሞ፣ በብዙ መስኮች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ዶክትሬት መግባት እንደሚቻልና ኮርሱም እዚያው እንደሚሰጥ ይወቅ።

ተመዝግበው ከሆነ አሁኑኑ ለትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ በኢሜይል ይጻፉ፤ በቃል የተነገረ መልስ በኋላ አይገኝም። ለቲሲስ ስንት ክሬዲት እንደተመደበ፣ በግል ይሠራ ወይስ በቡድን፣ ካለፉት ተመራቂዎች ወደ ዶክትሬት የገቡ እንዳሉ፣ ከኮርሱ ወደ ቲሲሱ መዛወር የሚቻለውም እስከ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። መዛወር በሚፈቀድበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ሊያማክርዎት የተስማማ መምህር አስቀድሞ መገኘት ስላለበት፣ መምህራኑን ማነጋገር የሚጀመረው ቀኑ ሲቃረብ ሳይሆን በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው።