«ገብቷል» ብቻ አይበቃም፦ የውጭ ትምህርት ክፍያ ማረጋገጫ ደብዳቤ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሰነድ እተረጉማለሁ። ነሐሴ ሲገባደድና መስከረም ሲጠባ ልጆቻቸውን ውጭ የሚያስተምሩ ወላጆች ይበዙብኛል። ብዙዎቹ የሚመጡት ራሳቸው ጽፈው የላኩት የክፍያ ማረጋገጫ ደብዳቤ ጥያቄ አስነስቶባቸው ነው።

ባለፈው መስከረም ከሳቢያን አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ህንድ ነው፣ ሁለተኛ ዓመት። ዩኒቨርሲቲው ለሴሚስተሩ 3,200 የአሜሪካ ዶላር ጠይቋል። እሳቸው ከባንክ ከፍለዋል። ደብዳቤም ጽፈው በኢሜይል ልከዋል። ከ10 ቀን በኋላ ልጁ ደውሎ «ምዝገባዬ ታግዷል» አላቸው።

«አቦ ገብቷል እኮ! ወረቀቱ ይኸው» አሉኝ።

«አብሽሩ እትዬ፣ ወረቀቱን አንድ ላይ እንየው» አልኳቸው።

ደብዳቤያቸው አራት መስመር ነበር። «የልጄን ሙሉ የትምህርት ክፍያ ብር 447,000 በ02/01/2018 አስገብቻለሁ። ደረሰኙን አያይዣለሁ። ልጄ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ ተመዝግቧል።» ሊዋሹ ብለው የጻፉት አንድም ቃል የለበትም። ግን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቀባዩ ይሰናከላል።

ምልክት አንድ፦ «ይህን ክፍያ ማግኘት አልቻልንም» የሚል መልስ ይመጣል

የመጀመሪያው ምክንያት ብሩ ነው። የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ክፍል መዝገብ ውስጥ ብር የሚባል ነገር የለም። 447,000 ብሎ ቢፈልግ አያገኝም። እንዲያሰላውም መጠበቅ አይቻልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ከባንክ ባንክ፣ ከቀን ቀን ይለያያል። በእኚህ እናት ጉዳይ ባንኩ ዶላሩን የሸጠላቸው በ138 ብር ነበር። 3,200 በ138 ሲባዛ 441,600 ይሆናል። የቀረው 5,400 ብር የባንኩ አገልግሎት ክፍያ ነው። ይህ ቁጥር ለቤተሰቡ ማህደር ይጠቅማል። ለዩኒቨርሲቲው ግን ምንም አይነግረውም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ዩኒቨርሲቲው ክፍያውን በጠየቀበት ገንዘብ ነው። የጠየቀው በዶላር ከሆነ USD 3,200 ይባል። የ$ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ የካናዳም የአውስትራሊያም ዶላር በሱው ይጻፋል። ብሩን መጥቀስ የሚያስፈልገው አገር ውስጥ ላለ ስፖንሰር ወይም መሥሪያ ቤት በሚጻፍ ሌላ ደብዳቤ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቀኑ ነው። እኛ መስከረም 2 ቀን 2018 የምንለውን 02/01/2018 ብለው ጻፉት። ህንድ ያለው ሠራተኛ ሲያነበው ጃንዋሪ 2 ቀን 2018 ነው። ያኔ ልጁ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር! ትክክለኛው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ነው። ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ፣ የወሩ ስም ደግሞ በፊደል ይሁን። ያኔ ቀኑና ወሩ አይምታታም።

ሦስተኛው የከፋይ ስም ነው። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። የእናትየው ስም ከአባታቸው ስም ጋር ነው፣ የልጁ ደግሞ ከአባቱ ጋር። ለውጭ ሰው ሁለቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። «ከፋይዋ የተማሪው እናት ነኝ» የምትል አንድ ሐረግ ትበቃለች። የተማሪው ስም በፓስፖርቱ እንዳለው ይጻፍ፣ የተማሪ መለያ ቁጥሩም ይከተለው።

ምልክት ሁለት፦ «ደረሰኝ ልከናል» ብለን ሳለ ደረሰኝ ይጠይቁናል

ይሄ ብዙ ሰው ያናድዳል። ግን ቃሉን ረጋ ብለን እንየው። «ደረሰኝ» ማለት «እኔ ዘንድ ደረሰ» ማለት ነው። እንዲህ ማለት የሚችለው ገንዘቡ የደረሰው ወገን ብቻ ነው። እኛ ግን ባንክ የሰጠንን ወረቀት ሁሉ ደረሰኝ እንላለን።

በእጃችን የሚገቡት ወረቀቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ባንኩ ከሒሳባችን ብር መቀነሱን የሚያሳየው ነው። ሁለተኛው የስዊፍት፣ ማለትም ባንኮች ገንዘብ ወደ ውጭ ሲልኩ የሚለዋወጡት መልእክት፣ ኮፒ ነው፤ ዶላሩ ወደ ውጭ መላኩን ይመሰክራል። ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጠው ደረሰኝ ነው። እትዬ ያያያዙት የመጀመሪያውን ነበር፣ የብሩን። ስዊፍቱን ከባንኩ አልጠየቁም።

በማግስቱ ጠይቀው አመጡ። ዋናዎቹ መስመሮች እነዚህ ነበሩ፦

```
:32A:250912USD3200,00
:33B:USD3200,00
:71A:SHA
```

በ32A የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች ቀን ናቸው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ቀጥሎ ገንዘቡ ይመጣል። ልብ በሉ፣ እዚህ ኮማው የሳንቲም መለያ ነው። 3200,00 ማለት 3,200 ዶላር ነው። ኮማውን ሳያስተውል 320,000 ብሎ የገለበጠ ደብዳቤ አጋጥሞኛል።

ሌላም ሁለት ነገር ከወረቀቱ ላይ ይወሰዳል። በ20 ፊት ለፊት ያለው የባንኩ ማጣቀሻ ቁጥርና፣ ካለ፣ UETR የሚባለው፣ ሰረዞቹን ጨምሮ 36 ምልክት ያለው የፊደልና የአሃዝ መለያ። ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀር ባንኮቹ የሚከታተሉት በዚህ ነው። እነዚህን ደብዳቤው ላይ በትክክል ገልብጡ። የክፍያው ምክንያት የሚሰፍርበትን፣ 70 የሚለውንም መስመር አንብቡ። የተማሪው መለያ ቁጥር እዚያ ካልሰፈረ፣ ገንዘቡ ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ውስጥ ቢደርስም የማን እንደሆነ ለማወቅ ይቸገራሉ። የእትዬ ልጅ ቁጥር አልሰፈረም ነበር። ባንክ ቤት ቅጹን ስትሞሉ «የክፍያው ምክንያት» በሚለው ቦታ «የትምህርት ክፍያ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። መጀመሪያ የልጁን መለያ ቁጥር ጻፉ። ቦታው ባለ 35 ፊደል አራት መስመር ብቻ ስለሆነ ረጅም ማብራሪያ አይችልም።

የደብዳቤው እርማት እንግዲህ እንዲህ ነው። «ደረሰኙን አያይዣለሁ» የሚለው ወጥቶ «የስዊፍት ኮፒ አያይዣለሁ፤ ክፍያው በተማሪው ሒሳብ ላይ ሲመዘገብ ደረሰኝ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ» ይገባል።

ምልክት ሦስት፦ ሙሉውን ልከን ሳለ ቀሪ ዕዳ አለ ይላሉ

ልጁ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ፎቶ ልኮ ነበር። የተጠየቀው 3,200፣ የተቀበሉት 3,165። ቀሪ 35 ዶላር። ከጎኑ በቀይ `Registration Hold` ይላል።

እትዬ በጣም አዘኑ። «35 ዶላር ማን ወሰደ?» አሉ።

መልሱ ያው ስዊፍት ላይ ነው፣ 71A ፊት ለፊት። SHA ማለት ላኪው የራሱን ባንክ ክፍያ ይከፍላል፣ የቀረው የመንገድ ወጪ ከተላከው ገንዘብ ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። መሐል ላይ ያሉት አስተላላፊ ባንኮች እየቆረጡ ያሳልፋሉ። OUR ቢሆን ኖሮ ወጪው በላኪው ላይ ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ይደርሳል። ይህን የሚመርጠው ቅጹን የሚሞላው ሰው ነው። እሳቸው አልመረጡም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ደብዳቤው ላይ ታዲያ «ሙሉ ክፍያ ፈጽሜያለሁ» ማለት ትክክል አይደለም። ከእኛ የወጣው 3,200 ነው። የደረሰው 3,165 ነው። ሁለቱንም ጻፉ። የሒሳብ ሠራተኛው ከመዝገቡ ጋር የሚመሳከር ቁጥር ሲያይ ፋይሉን ይከፍታል። ሙሉ ነው ብላችሁ ስትከራከሩ ግን ወደ ጎን ያስቀምጠዋል።

ቀሪውን 35 ዶላር ከድሬዳዋ በድጋሚ በስዊፍት መላክ አያዋጣም። በመንገድ ላይ ከሱም ይቆረጣል። ልጁ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ቤት ከኪሱ እንዲከፍል ነገርነው። ከፈለ፣ የዚያኑ ዕለት ደረሰኝ ተሰጠው።

ምልክት አራት፦ ተከፍሏል፣ ግን «ተመዝግቧል» የሚለውን አይቀበሉንም

እኔ በጣም የምጠነቀቅበት ቦታ ይሄ ነው። በእኛ ንግግር «ገባ» ሁሉንም ይችላል። ገንዘብ ባንክ ሲገባ ገባ ነው። ህንድ ሲደርስም ገባ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲቀበሉትም ገባ፣ ኮርስ ሲመዘገብም ገባ። አፍ ላይ ችግር የለውም። ደብዳቤ ላይ ግን አራቱ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚያረጋግጧቸውም የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ከፋይ ማረጋገጥ የሚችለው ገንዘብ መላኩን ብቻ ነው። መድረሱን የሒሳብ ክፍሉ ያረጋግጣል። ተማሪው መመዝገቡን ደግሞ ሬጅስትራሩ። እናት «ልጄ ተመዝግቧል» ብለው ሲጽፉና ገጹ ላይ ታግዷል ሲል፣ ደብዳቤው በሙሉ ይጠረጠራል። ስለዚህ የምታውቁትን ብቻ፣ ያወቃችሁበትን ቀን ጨምራችሁ ጻፉ።

የምዝገባ ማረጋገጫ ለሌላ ጉዳይ ካስፈለገ ለብቻው ይጠየቅ። ህንድ ውስጥ ተማሪዎቹ ቦናፋይድ የሚሉት ወረቀት አለ፤ ሬጅስትራሩ ይሰጣል፣ ልጁ የዚያ ተማሪ መሆኑን ይመሰክራል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም ሲያስጨርስ ይህንኑ ወረቀት ይጠየቃል። የክፍያ ደረሰኝ የሱን ቦታ አይተካም። በደረሰኝ ብቻ የሚሞክሩ ልጆች ይመለሳሉ፣ ጊዜም ይሄድባቸዋል።

የታረመው ደብዳቤ

መጀመሪያ በአማርኛ ጨረስነው፣ ከዚያ መስመር በመስመር ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። እንዲህ ይላል፦

> ጉዳዩ፦ የተማሪ መለያ ቁጥር …… የሴሚስተር ክፍያ
>
> የተማሪው እናት ነኝ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ለሴሚስተሩ ክፍያ USD 3,200 ልኬያለሁ። የባንኩ ማጣቀሻ ቁጥር …… ነው። የስዊፍት ኮፒ ተያይዟል። የተማሪው መለያ ቁጥር በዝውውሩ ላይ ስላልሰፈረ፣ ክፍያው ከላይ ባለው ቁጥር መያዙን እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ።
>
> ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 በተማሪው ገጽ ላይ የተመዘገበው USD 3,165 ነው። የቀረውን USD 35 ተማሪው በዚያው ቀን በገንዘብ ቤታችሁ ከፍሏል፤ የደረሰኝ ቁጥሩ …… ነው።
>
> የሙሉ ክፍያ ደረሰኝ እንዲሰጠንና በምዝገባው ላይ ያለው እገዳ እንዲነሳ እጠይቃለሁ።

«ልጄ ጎበዝ ነው» የምትል መስመር እንድጨምር ጠይቀውኝ ነበር። እውነት ነው፣ ግን ይህ ደብዳቤ የሚያነበው የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ተውናት። ኢሜይሉ የተላከው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሐሙስ ከሰዓት ልጁ የገጹን አዲስ ፎቶ ላከ፤ ቀሪው ዜሮ፣ ከጎኑ ያለው ቃል `Registered`። እትዬ ፎቶውን አሳትመው ከስዊፍት ኮፒው ጋር በአንድ ፕላስቲክ ከተቱት። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ባንክ ሲሄዱ የሚይዙትንም ከጀርባው በእጄ ጻፍኩላቸው፦ የልጁ መለያ ቁጥር፣ OUR፣ የስዊፍት ኮፒ።